«ያለ ዝሙት ምክንያት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አነበብኩት። አንድ ጸሐፊ ስለ ፍቺ ሲከራከር «ማቴዎስ 19፥9 ግልጽ ነው። ዝሙት ከተፈጸመ ጋብቻው ፈርሷል፤ የተበደለው ሌላ ማግባት ይችላል። ይህን የማይቀበሉት ጥቅሱን ስለሚዘሉት ነው» ይላል። ጥቅሱን የዘለለ የለም። ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጀምሮ ሲከራከሩበት የኖሩት ሁሉ ያንኑ ጥቅስ ይዘው ነው። የተለያዩት ጥቅሱን በመቀበልና ባለመቀበል አይደለም፤ «ያለ ዝሙት ምክንያት» የሚለው ሐረግ የትኛውን ግሥ እንደሚገዛ ነው ያልተስማሙት። ይህ ሳይነገር የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ፍርዱን የሚያነቡት አብዛኛውን ጊዜ ትዳራቸው የተናጋባቸው ሰዎች ናቸው።

ማርቆስ 10፥11-12 እና ሉቃስ 16፥18 ላይ ምንም «በቀር» የለም። ፈትቶ ሌላ ያገባ ያመነዝራል፤ አለቀ። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥10-11 የጌታን ትእዛዝ ሲያስተላልፍ የተለየች ሚስት ሳታገባ ትኑር ወይም ትታረቅ ይላል እንጂ ስለ ዝሙት አያነሳም። ሐረጉ ያለው በማቴዎስ ብቻ ነው፤ በ5፥32 እና በ19፥9።

አሁን 19፥9ን እንየው። የግሪኩ ቅደም ተከተል በጥሬው ሲገለበጥ እንዲህ ይመስላል፦ «ማንም ሚስቱን ቢፈታ፣ በዝሙት ካልሆነ፣ ሌላም ቢያገባ፣ ያመነዝራል።» ሐረጉ የገባው በሁለቱ ግሦች መካከል ነው፤ «ቢፈታ» ካለ በኋላ፣ «ቢያገባ» ሳይል። አማርኛ ግን እንዲህ ያለውን ሐረግ ከግሡ በፊት ማስቀመጥ ይወዳል፤ ስለዚህ የምናነበው «ያለ ዝሙት ምክንያት ሚስቱን ጥሎ ሌላ ያገባ ሁሉ ያመነዝራል» የሚል ነው። ሐረጉ ፊት ስለመጣ ሁለቱንም ግሦች የሸፈነ መስሎ ይነበባል። ተርጓሚው አላጠፋም፤ ቋንቋው ያስገድደዋል። ግን በአማርኛው ብቻ ቆሞ «ግልጽ ነው» የሚል ሰው፣ ግልጽነቱ ከአማርኛው የቃላት አሰላለፍ እንደመጣ አላስተዋለም።

ሁለት በር ያለፈ ሰው አስቡ። በመጀመሪያው በር ከአንድ ቤት ወጣ፣ ግቢውን አቋረጠ፣ በሁለተኛው በር ወደ ሌላ ቤት ገባ። በመጀመሪያው በር ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ከዚህ ቤት ቢወጣ፣ የፈቃድ ወረቀት ከሌለው፣ ወደዚያኛውም ቢገባ፣ ጥፋተኛ ነው።» ወረቀት ይዞ ወጥቶ ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው እንደማይከሰስ ሁሉም ይስማማል። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሁለተኛው ቤት የገባስ? ማስታወቂያው ይህን ለብቻው አልተናገረም። ወረቀቱ ለመውጫው ብቻ ነው ወይስ ለሁለቱም? ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ካቶሊኮች ወረቀቱ የመጀመሪያውን በር ብቻ ይከፍታል ይላሉ። ሰውየው ግቢው ውስጥ ይቀመጣል፤ ማለትም ተለይቶ ይኖራል፤ የጋብቻው ማሰሪያ ግን አልተፈታም። ይህ ኋላ የመጣ ፈጠራ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የሄርማስ መጽሐፍ በምንዝርና ጸንታ የምትኖረውን ሚስት ባልየው ይፍታት፣ ግን ብቻውን ይቀመጥ፣ ሌላ ቢያገባ ራሱ ያመነዝራል ይላል። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ንስሐ ገብታ ልትመለስ ትችላለች። ግቢው መቀመጫ የሆነው የመጀመሪያው በር ለእርስዋ ክፍት እንዲቆይ ነው።

አብዛኛው ፕሮቴስታንት ደግሞ «ግቢ የሚባል ነገር የለም» ይላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ኢየሱስን የጠየቁት አይሁድ ነበሩ፤ በአይሁድ ሕግ የፍቺው ጽሕፈት ዋና ቃል «ማንንም ሰው ለማግባት የተፈቀደልሽ ነሽ» የሚል ነው። ማግባት የማያስችል ፍቺ ለእነርሱ ፍቺ አይባልም። ስለዚህ ኢየሱስ «ፍቺ» ሲል ሰሚዎቹ የሚያውቁትን ፍቺ ማለቱ ነው፤ ወረቀቱ ከመጀመሪያውኑ የተጻፈው ለሁለተኛው በር ነው። ከካቶሊኮቹ በኩል ያለው ጠንካራ መልስ ደግሞ ቁጥር 10 ነው። ደቀ መዛሙርቱ ነገሩ እንዲህ ከሆነ አለማግባት ይሻላል ብለው ደነገጡ። ሐረጉ በምንዝር ምክንያት ፈትቶ ማግባትን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ኢየሱስ የተናገረው ከአይሁድ መምህሩ ከሻማይ ደቀ መዛሙርት አቋም ብዙም አይለይም። እነርሱም ፍቺን ለነውር ነገር ብቻ ይፈቅዱ ነበር፤ የሌላው መምህር የሂሌል ወገኖች ግን ምግብ ማበላሸት እንኳ ይበቃል ይሉ ነበር። የታወቀ አቋም ሲደገም ማን ይደነግጣል?

እኔ እስካሁን ሁለቱንም ክርክሮች ጥዬ ማለፍ አልቻልኩም። በሰዋስው በኩል ሐረጉ «ቢፈታ»ን እንደሚገዛ ይታየኛል፤ ወደ «ቢያገባ» ይዘልቃል ወይ የሚለውን ግን ሰዋስው ብቻውን አይወስነውም።

5፥32 ደግሞ ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥቀስ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። እዚያ የፈታው ሰው ሌላ ሚስት ስለማግባቱ ምንም የለም። የሚለው «አመንዝራ ያደርጋታል» ነው፤ እርስዋን ማለት ነው። ሲፈታት ሌላ እንድታገባ ይገፋታል፣ በዚያም ለሚመጣው ምንዝር ተጠያቂው እርሱ ይሆናል። «ያለ ዝሙት ምክንያት» የገባው ቀድሞ የሆነውን እርሱ አደረገው ማለት ስለማይቻል ነው። ሐረጉ በ5፥32 በደሉ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይለያል እንጂ ለማንም ፈቃድ አይሰጥም። በነገራችን ላይ የቫቲካኑ ጥንታዊ ቅጂን ጨምሮ አንዳንድ ቅጂዎች 19፥9ንም በ5፥32 አነጋገር «አመንዝራ ያደርጋታል» ብለው ይጽፉታል። ገልባጮች አንዱን ጥቅስ በሌላው አስተካክለውት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ የኅትመት አዘጋጆችም ያንን ንባብ አልተቀበሉትም። ቢሆንም ሙሉ ትምህርት በዚህ ጥቅስ አንድ ሐረግ ላይ ብቻ የሚያቆም ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

«ዝሙት» የሚለው ቃልም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። አማርኛው እዚህ ላይ ረድቶናል፤ በአንዱ ዐረፍተ ነገር «ዝሙት» እና «ያመነዝራል» የሚሉ ሁለት ቃላት ጠብቋል፤ ግሪኩም ሁለት ቃል ነው ያለው፣ ፖርኔያ እና ሞይኬያ። ማቴዎስ 15፥19 ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘረዝራቸዋል። ያገባች ሴት ከሌላ ሰው ጋር መተኛትዋ ብቻ ከታሰበ «ምንዝር» የሚለው ቃል በቀረበ ነበር። ስለዚህ ፖርኔያ እዚህ ሰፋ ያለ ነውርን ያመለክታል የሚሉ አሉ። በዘሌዋውያን 18 የተከለከለውን የሥጋ ዘመዶች ጋብቻ ነው የሚሉም አሉ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 5፥1 ላይ ጳውሎስ የአባቱን ሚስት ስላገባው ሰው የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ይህ ትክክል ከሆነ ሐረጉ ከመጀመሪያውም ጋብቻ ስላልነበረ ነገር ይናገራል ማለት ነው። እኔ ትርጓሜው ጠባብ ሆኖብኛል፤ ማቴዎስ ቃሉን ሳያብራራ የተወው አንባቢዎቹ ሰፊውን ትርጉም ስለሚያውቁት ይመስለኛል። ግን «ዝሙት ማለት ምንዝር ነው፤ በቃ» ብሎ መጀመር አይቻልም።

አንድ ጉዳይ ወስደን በየቤተ ክርስቲያኑ እናስኬደው። ባልዋ ከሌላ ሴት ጋር እንደኖረ የተረጋገጠላት፣ ተለይታ የምትኖር፣ አሁን ሌላ ሰው ማግባት የምትፈልግ ሴት ናት። መጀመሪያ የሚገርመው የማቴዎስ ሁለቱም ጥቅሶች ስለ እርስዋ በቀጥታ አለመናገራቸው ነው፤ የሚናገሩት ሚስቱን ስለሚፈታ ባል ነው። ባልዋን ስለምትፈታ ሴት የሚናገረው ማርቆስ 10፥12 ነው፤ እዚያ ደግሞ «በቀር» የለም። ሐረጉን ለእርስዋ የሚሰጡ ሁሉ የባልን ጉዳይ ለሚስትም እኩል አድርገው ያነቡታል። ተገቢ ነው እላለሁ፤ ግን ንባብ እንጂ ጥሬው ጽሑፍ አይደለም።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የባልዋ ምንዝር ተለይቶ ለመኖር በቂ ምክንያት ነው። በደሉን አውቃ እንደ ባልና ሚስት አብራው ከኖረችና እስከ 6 ወር አቤቱታ ካላቀረበች ግን ይቅር እንዳለችው ይገመታል። ለማግባት ግን ምንዝሩ አይጠቅማትም። የቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ ቤት የሚመረምረው የሠርጉን ቀን ነው፦ ፈቃዱ እውነተኛ ነበር ወይ፣ እንቅፋት ነበረ ወይ። ጋብቻው ከመጀመሪያው እንዳልጸና ከተፈረደ ነጻ ናት። ይህን «የካቶሊክ ፍቺ» የሚሉት ተሳስተዋል፤ ጥያቄው ሌላ ነው። የካቶሊኮቹ የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ያወገዘው ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን ምንዝር ማሰሪያውን አይፈታም ብላ ስታስተምር ትስታለች» የሚለውን ነው። አነጋገሩ የተመረጠው በቬኒስ ግዛት የነበሩትን ግሪኮች በምንዝር ምክንያት ፈትቶ የማግባት ልማድ በቀጥታ ላለማውገዝ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን የተጻፈውን የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ በሚከተሉ ፕሬስቢቴሪያን ዘንድ ንጹሑ ወገን ከፍቺ በኋላ በዳዩ እንደሞተ ተቆጥሮ ማግባት ይችላል። ሴትየዋ ታገባለች። ይኸው መግለጫ ሊጠገን የማይችል ሆን ብሎ ጥሎ መሄድንም ይጨምራል፤ ይህም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥15 ንባብ እንጂ በማቴዎስ አይደለም።

በግሪክና በሩሲያ ኦርቶዶክስ ወረቀቱን የሚያነበው በረኛው ነው፤ ኤጲስ ቆጶሱ ማለት ነው። ጋብቻ አንድ መሆኑን ያስተምራሉ፣ ግን ለሰው ድካም ሲሉ ሁለተኛውን፣ በከባድ ንስሐም ሦስተኛውን ይፈቅዳሉ። አራተኛው በቁስጥንጥንያ እ.ኤ.አ. በ920 ተከልክሏል። የሁለተኛው ጋብቻ ጸሎትም የንስሐ ድምፅ አለው።

አንድ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ንባቡን እንደሚያጠብ ለማየት የግብጽ ኮፕቲኮችን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ደንባቸው ከምንዝር ሌላ በርካታ የፍቺ ምክንያቶች ነበሩት። ፓትርያርክ ሺኖዳ ሣልሳዊ በ1971 ሲሾሙ ማቴዎስን ጠቅሰው ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለውን ፍቺ በምንዝር ወሰኑት። ችግሩ የመጣው ከመንግሥት ፍርድ ቤት ጋር ነው፤ ዳኛው በድሮው ደንብ ያፋታቸው ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን የማግባት ፈቃድ ሲጠይቁ ይከለከሉ ነበር። በ2010 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃዱን እንድትሰጥ ወሰነ። ፓትርያርኩ ከወንጌል ውጪ አንሄድም ብለው እምቢ አሉ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ውሳኔው እንዳይፈጸም አገደው።