ካሳው ተፈርዷል፤ ከፋዩ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2003 ንጋት ላይ፣ በምሥራቅ ኮንጎ ኢቱሪ ውስጥ የምትገኘው የቦጎሮ መንደር ተጠቃች። ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ከተጎጂዎቹ ለ297ቱ ካሳ ወሰነላቸው። ለእያንዳንዳቸው በእጅ የሚደርሳቸው 250 ዶላር ነበር።

ብሩ ትንሽ ነው። ግን ይህን የሚያህል ገንዘብ እንኳ ከየት እንደመጣ ማወቅ፣ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍትሕ ለተጎጂዎች ምን መስጠት እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያቅተው በደንብ ያሳያል። (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። በኑረምበርግም ሆነ በኋላ ለዩጎዝላቪያና ለሩዋንዳ በተቋቋሙት ፍርድ ቤቶች፣ ተጎጂ ወደ ችሎት የሚገባው ምስክር ሆኖ ብቻ ነበር። የተጠየቀውን መልሶ ይወጣል። ካሳ ከፈለገ ወደ አገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ይክሰስ ነበር የሚባለው። በ1998 የጸደቀውና የሄጉን ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት ይህን ለወጠው። አንቀጽ 68 የተጎጂዎች ጥቅም በሚነካበት ጊዜ ሐሳባቸውንና ስጋታቸውን ለችሎቱ እንዲያቀርቡ ፈቀደ። አንቀጽ 75 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ሆኖ በተገኘው ሰው ላይ የካሳ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጠው።

ተሳትፎው በተግባር የሚጀምረው ፎርም በመሙላት ነው። አመልካቹ ማንነቱን፣ የደረሰበትን ጉዳትና ጉዳቱ ከክሱ ጋር ያለውን ግንኙነት ማሳየት አለበት። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መታወቂያውም አብሮ ተቃጥሏል። ስለዚህ ዳኞቹ የመራጭነት ካርድ፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ካልሆነም የሁለት ሰዎች ምስክርነት እየተቀበሉ መጡ። የተፈቀደላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የጋራ ጠበቃ ይወከላሉ። ጠበቃው የመክፈቻ ንግግር ያደርጋል፣ በዳኞች ፈቃድ ምስክር ይጠይቃል፣ ጽሑፍ ያስገባል። ሆኖም ተጎጂው ሁለተኛ ዐቃቤ ሕግ አይደለም። ክስ መጨመርም ማስቀረትም አይችልም።

ይህ ገደብ ምን ያህል እንደሚጎዳ የቦጎሮ ጉዳይ ያሳያል። ተከሳሹ የታጣቂ ቡድን አዛዥ የነበረው ዠርሜን ካታንጋ ነው። በችሎቱ ላይ በሁለት ቡድን የተከፈሉ ተጎጂዎች ነበሩ። አንደኛው የመንደሩ ነዋሪዎች፣ ሌላው በልጅነታቸው ለውትድርና ተመልምለዋል የተባሉ ናቸው። ማርች 7 ቀን 2014 ፍርዱ ተነበበ። ካታንጋ በግድያ፣ በሲቪሎች ላይ በተፈጸመ ጥቃት፣ በንብረት ማውደምና በዝርፊያ ጥፋተኛ ተባለ። በአስገድዶ መድፈርና ሕፃናትን ለውትድርና በመጠቀም ግን ነጻ ወጣ። ካሳ ደግሞ ፍርዱን ነው የሚከተለው። ጥፋተኛ ባልተባለበት ወንጀል የተጎዳ ሰው ካሳ የሚጠይቅበት መሠረት የለውም። ሁለተኛው ቡድን ዓመታት የጠበቀው ችሎት በዚያች ቀን አለቀበት።

ለቀሩት ግን ሌላ ሥራ ተጀመረ። ካሳ የጠየቁት 341 ሰዎች ነበሩ። ዳኞቹ ማመልከቻዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ሰውየው በዚያን ቀን ቦጎሮ ነዋሪ ነበር ወይ? ቤት ነበረው ወይ? ማን ሞተበት? ከ14 ዓመት በፊት የወደመን ጎጆ በሰነድ ማስረዳት የማይቻል ስለሆነ፣ ዳኞቹ ግምት መውሰድ ነበረባቸው። የመንደሩ ነዋሪ መሆኑን ያስረዳ ሰው፣ ንብረቱን እንዳጣና የሥነ ልቦና ጉዳት እንደደረሰበት ይታመንለት ነበር። ቤቱ፣ ዕቃው፣ ከብቱ፣ ሰብሉ በዋጋ ተተመነ። የዘመድ ሞትም እንዲሁ። ሁሉም ሲደመር 3,752,620 ዶላር ሆነ።

ከዚህ ውስጥ ካታንጋ ኃላፊ የተባለው ለ1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ጥቃቱን የፈጸሙት ብዙ ናቸው፤ እሱ የተፈረደበት ደግሞ በተባባሪነት ስለሆነ፣ ድርሻው ከተሳትፎው ጋር እንዲመጣጠን ተደረገ። የቀረውን 2.7 ሚሊዮን ዶላር ግን ማንም አይከፍለውም። ጉዳቱ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ታውቆ ተጽፏል፤ ባለዕዳ የለውም።

1 ሚሊዮኑስ? ካታንጋ ድሃ ነው ተባለ። የሚወረስ ንብረት አልተገኘበትም። እዚህ ላይ ነው የተጎጂዎች ባለአደራ ፈንድ የሚመጣው። ፈንዱን በአንቀጽ 79 መሠረት ያቋቋሙት አባል አገሮች ናቸው። ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት መንግሥታት በፈቃዳቸው ከሚሰጡት መዋጮ ነው። ከተፈረደባቸው ሰዎች የሚወረስ ንብረትና መቀጮም ሊገባበት ይችላል፤ ግን እስካሁን የገባው ጥቂት ነው። የይግባኝ ችሎቱ በ2015፣ ሕፃናትን ለውትድርና በመመልመል በተፈረደበት በኮንጎው ታጣቂ መሪ በቶማስ ሉባንጋ ጉዳይ ሁለት ነገር ግልጽ አድርጎ ነበር። አንደኛ፣ ተከሳሹ ድሃ መሆኑ ከኃላፊነት አያድነውም፤ ዕዳው ዕዳ ነው። ሁለተኛ፣ ዳኞች ፈንዱን በመዋጮ ያገኘኸውን ገንዘብ ለዚህ ክፈል ብለው ማዘዝ አይችሉም። ያንን የሚወስነው የፈንዱ ቦርድ ነው። ስለዚህ የካሳ ፍርድ በወጣ ቁጥር የፈንዱ ካዝና ምን እንዳለው መታየት አለበት።

ለቦጎሮ በቂ ነበር። ቦርዱ በ2017 1 ሚሊዮኑን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 200,000 ዩሮው ኔዘርላንድስ ለዚሁ ጉዳይ ብላ የሰጠችው ነው። ለእያንዳንዱ ተጎጂ 250 ዶላሩ ተከፈለ። ሌላው በጋራ መልክ ቀረበ፤ ለመኖሪያ ቤት፣ ለልጆች ትምህርት፣ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራና ለሥነ ልቦና እርዳታ። አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ተጎጂዎቹ ሲጠየቁ ሐውልትና የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት አልፈለጉም። የድሮውን ጠብ ይቀሰቅሳል፣ ቁስላችንንም ያመናል ነው ያሉት። የፈለጉት ኑሯቸውን የሚያቃናላቸውን ነገር ነው። ችሎቱም ሰማቸው። ለእኔ ተሳትፎ ትርጉም ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ውሳኔው ሳይወጣ በፊት ባለጉዳዩ መጠየቁ።

ግን ይህ ሁሉ የሆነው 297 ሰው ስለነበረ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

ኡጋንዳዊው ዶሚኒክ ኦንግዌን የጌታ ተከላካይ ጦር ተብሎ የሚታወቀው ቡድን አዛዥ ነበር። ራሱም በልጅነቱ በዚሁ ቡድን የተጠለፈ ነው። በ2021 ጥፋተኛ ተብሎ 25 ዓመት ተፈረደበት። የካሳ ትእዛዙ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 ወጣ። ዳኞቹ ተጎጂዎቹን ወደ 49,772 ገመቷቸው። ለእያንዳንዱ 750 ዩሮ ተወሰነ፤ ይህ ብቻውን 37,329,000 ዩሮ ነው። ለጋራ ማቋቋሚያ 15 ሚሊዮን፣ ለማኅበረሰቡ መታሰቢያ 100,000 ተጨመረ። ድምሩ 52,429,000 ዩሮ ሆነ። ፍርድ ቤቱ እስከዚያ ድረስ ካዘዛቸው ካሳዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ኦንግዌን የሚከፍለው ነገር የለውም። ፈንዱ ደግሞ ከመዋጮ በዓመት የሚያገኘው ጥቂት ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከዚያው ላይ ለሉባንጋ፣ ለሌላው የኮንጎ ታጣቂ አዛዥ ለቦስኮ ንታጋንዳና በማሊ ለፈረሱት የቲምቡክቱ ቅርሶች ጉዳዮች የተፈረደውን ይሸፍናል። ፍርድ ያልደረሰላቸውን ተጎጂዎች የሚረዳባቸውም ፕሮግራሞች አሉት። የንታጋንዳ ካሳ ብቻውን 31.3 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሰሜን ኡጋንዳ ያለ ሰው 750 ዩሮ እንደተፈረደለት በሬዲዮ ይሰማል። መቼ እንደሚደርሰው ግን ዳኛውም ፈንዱም ቁርጡን አይነግረውም።

ታዲያ ለምን ከተከሳሾቹ ንብረት አይወሰድም? ፍርድ ቤቱ የራሱ ፖሊስ የለውም። ንብረት የሚፈልጉለትና የሚያግዱለት መንግሥታት ናቸው። እነሱ ዘግይተው ከጀመሩ ሀብቱ በሌላ ስም ዞሮ ያልቃል። የታገደ ንብረት ቢኖር እንኳ ፍርዱ መጽናት አለበት። ታጣቂዎቹ በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ በፈጸሙት ወንጀል የተከሰሰውና ባለሀብት የነበረው የኮንጎ ፖለቲከኛ ዣን ፒየር ቤምባ ንብረቱ ታግዶ ነበር። በችሎቱ ከ5,000 በላይ ተጎጂዎች ተሳትፈዋል። በጁን 2018 በይግባኝ ነጻ ሲወጣ የካሳው ጉዳይም አብሮ ተዘጋ። ፈንዱ ለማዕከላዊ አፍሪካ ተጎጂዎች በእርዳታ ፕሮግራሙ በኩል ለመድረስ ሞከረ፤ ይህ ግን እርዳታ እንጂ መብት አይደለም።

ከሄግ ውጭም ታሪኩ ይመሳሰላል። የቀድሞው የቻድ መሪ ሂሴን ሀብሬ በአፍሪካ ኅብረት ድጋፍ ዳካር ላይ ተዳኘ። በ2017 ፍርዱ በይግባኝ ሲጸና ለ7,396 ተጎጂዎች ከ82 ቢሊዮን ሲኤፍኤ ፍራንክ በላይ ካሳ ተወሰነ። ሀብሬ በ2021 ሲሞት ተጎጂዎቹ ከዚህ ገንዘብ ምንም አላገኙም ነበር። የቻድ መንግሥት በ2024 ክፍያ ሲጀምር የመደበው 10 ቢሊዮን ነው። የካምቦዲያው ልዩ ፍርድ ቤት ደግሞ ገና ከመነሻው ለግለሰብ ገንዘብ አልሰጥም አለ። የፈቀደው የጋራና የሞራል ካሳ ብቻ ነው፤ ፕሮጀክቶቹንም ለጋሾች ከፈሏቸው። ቅር ቢያሰኝም፣ ቢያንስ የማይከፈል ቁጥር ለሰው አልተነገረም።

የኔ ቅሬታ ዳኞቹ ላይ አይደለም። ጉዳቱን በልኩ መዝነው መጻፋቸው ትክክል ነው። ችግሩ የሮም ስምምነትን ያጸደቁት አገሮች የፍርድ ቤቱን በጀት በግዴታ መዋጮ፣ የተጎጂውን ካሳ ግን በበጎ ፈቃድ እንዲሸፈን ማድረጋቸው ነው። የ2024 የፍርድ ቤቱ በጀት ከ180 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ አስተርጓሚው ደመወዝ ይቆረጥላቸዋል። ተጎጂው ለጋሽ ይጠብቃል።

የኦንግዌን ዳኞች ገንዘቡ በአንዴ እንደማይገኝ ስላወቁ ተራ አበጅተዋል። ቅድሚያ የሚሰጠው አስቸኳይ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው ነው። የይግባኝ ችሎቱ ትእዛዙን በኤፕሪል 2025 አጽንቶታል። ሕጋዊ ክርክሩ አልቋል። የሚቀረው ስሞቹን ማጣራትና ገንዘቡን መፈለግ ነው፤ በተራው መጀመሪያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ ደግሞ ጥቃቱ ሲደርስባቸውም ጎልማሶች የነበሩ፣ አሁን ያረጁ ሰዎች ናቸው።