የዱቤ ሽያጭ ገቢ ለምን ሁለት ጊዜ አይመዘገብም?

በዱቤ የተሸጠ ዕቃ የሚያስገኘው ገቢ የሚመዘገበው ገንዘቡ ሲሰበሰብ ሳይሆን ዕቃው ለገዢው ተላልፎ ኢንቮይሱ ሲቆረጥ ነው። ይህ የአክሩዋል የሂሳብ አያያዝ ደንብ ሲሆን፣ ገቢን ገንዘብ በገባ ጊዜ ብቻ ለሚመዘግብ ድርጅት አይሠራም።

ለምሳሌ አንድ ድርጅት 8,000 የሚያወጣ ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈለው ተስማምቶ ሸጠ እንበል (ታክሱን ለጊዜው እንተወው)። ኢንቮይሱ በተቆረጠበት ቀን ተሰብሳቢ ሂሳብ በ8,000 ዴቢት፣ የሽያጭ ገቢ ደግሞ በ8,000 ክሬዲት ይደረጋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደንበኛው 5,000 በባንክ ቢያስገባ፣ የባንክ ሂሳብ በ5,000 ዴቢት ሆኖ ተሰብሳቢ ሂሳብ በዚያው መጠን ክሬዲት ይደረጋል፤ የደንበኛው ቀሪ ዕዳም 3,000 ይሆናል። በዚህ በሁለተኛው ምዝገባ የሽያጭ ገቢ ጨርሶ አይነካም፤ ምክንያቱም አንዱ ሀብት፣ ማለትም የመሰብሰብ መብቱ፣ ወደ ሌላ ሀብት ተለወጠ እንጂ አዲስ ሽያጭ አልተፈጸመም።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። የገባውን 5,000 በሽያጭ ገቢ ክሬዲት ካደረጉት ገቢው 13,000 ሆኖ ይታያል። የሚያሳስተው ደግሞ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ስለሚሆኑ የሂሳብ ሚዛኑ ስህተቱን አለማሳየቱ ነው። ስህተቱ የሚገለጠው የደንበኛው የግል ሂሳብ ሲታይ ነው፤ ክፍያው እያለ ዕዳው አሁንም 8,000 ይላል። ማረሚያው የሽያጭ ገቢን በ5,000 ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብን በ5,000 ክሬዲት ማድረግ ነው፤ የባንኩ ምዝገባ ትክክል ስለሆነ አይነካም።