የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፦ ካሽ ቡክና ስቴትመንት በወር መጨረሻ ለምን አይገጥሙም?

አንድ ድርጅት በባንክ ያለው ገንዘብ ሁለት ቦታ ይመዘገባል። ድርጅቱ በራሱ ካሽ ቡክ ይጽፋል፤ ባንኩም በራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ የዚያ መዝገብ ግልባጭ ስቴትመንት ይባላል። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን አንድ በአንድ ማስረዳት የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ይባላል። ቢሮ ውስጥ ግን ብዙው ሰው «ሪኮንሲሌሽን» ነው የሚለው።

ሁለቱ ቀሪ ሂሳቦች እኩል ሆነው የሚገኙበት ወር ጥቂት ነው። ይህን አይቶ የሚደነግጥ አዲስ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። ድርጅቱ ቼክ ሲጽፍ ያንኑ ቀን ወጪ ብሎ ይመዘግባል። ባንኩ የሚያውቀው ቼኩ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ነው። በተቃራኒው ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ሲቆርጥ ያንኑ ደቂቃ ይመዘግባል፤ ድርጅቱ የሚያውቀው ስቴትመንቱን ሲያይ ነው። አንድን ነገር ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን ከሰሙ፣ በአንድ ቀን ቁሙና ተናገሩ ቢባሉ ወሬያቸው አይገጥምም። የወር መጨረሻ እንደዚያ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እናጥራ። አንደኛው ዴቢትና ክሬዲት ነው። በድርጅቱ መዝገብ ባንክ ያለው ገንዘብ ሀብት ስለሆነ ሲጨምር ዴቢት ይደረጋል። ለባንኩ ግን ያ ገንዘብ ዕዳ ነው፤ ሲጨምር ክሬዲት ያደርገዋል። ስለዚህ ስቴትመንት ላይ «ክሬዲት» የሚል ካያችሁ ገንዘብ ገብቶላችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛው የእኛ አገር ጣጣ ነው። ብዙ ድርጅቶች መዝገባቸውን የሚዘጉት በኢትዮጵያ ወር ሲሆን ስቴትመንቱ ላይ ያለው ቀን የፈረንጆች ነው። የጥር 2017ን ሂሳብ የሚያስታርቅ ሰው የጃንዋሪን ስቴትመንት ቢያመጣ የተሳሳተ ወረቀት ይዟል። የሚያስፈልገው ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሯሪ 7 ቀን 2025 ያለው ነው። ጥር 30 የዋለው ፌብሯሪ 7 ላይ ነውና። የማይታረቅ የሚመስል ሂሳብ ሲያጋጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜ መላ ቀኑን የፈጀው ችግር እዚህ ይገኛል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ድርጅቱ የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል እንበል። ጥር 30 ቀን 2017 ካሽ ቡኩ 344,245 ብር ይላል። ስቴትመንቱ 412,350 ይላል። ልዩነቱ 68,105 ብር ነው። ባንኩ የሚበልጥ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ የድርጅቱ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ምልክት በማድረግ ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ ያለ ክፍያና ገቢ ሁሉ በእርሳስ ይመታል። ያለፈው ወር ማስታረቂያም አብሮ ይቀመጣል፤ ያኔ ተንጠልጥለው የቀሩት በዚህ ወር መውጣታቸው መታየት አለበት። ሳይመታ የቀረው ነው የልዩነቱ ምንጭ።

በካሽ ቡኩ በኩል ሦስት ቼኮች ሳይመቱ ቀሩ። አንዱ ጥር 25 ለአከራይ የተጻፈ 60,000 ብር ነው። ሌላው ጥር 29 ለአቅራቢ የተጻፈ 48,200 ነው። ሦስተኛው ነሐሴ 20 ቀን 2016 ለሌላ አቅራቢ የተጻፈ 7,500 ብር ነው። ድምራቸው 115,700 ይሆናል። ተቀባዮቹ ወደ ባንክ ይዘዋቸው አልሄዱም፤ ወይም ባንካቸው ገና አላስተላለፈም። ስለዚህ ባንኩ ዛሬም ገንዘቡን የድርጅቱ አድርጎ ያሳያል። ከዚህ ሌላ የጥር 30 የከሰዓት ሽያጭ 36,400 ብር ካሽ ቡክ ላይ ገቢ ተብሏል። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ገንዘቡ ባንክ የሚደርሰው ቅዳሜ ጠዋት፣ ማለትም የካቲት 1 ነው።

እንግዲህ የባንኩን ቀሪ እናስተካክል። 412,350 ላይ 36,400 እንጨምር፤ 115,700 እንቀንስ። 333,050 ብር ይመጣል። የድርጅቱ እውነተኛ ገንዘብ ይህ ነው። አሁን የካሽ ቡኩም ቀሪ ወደዚሁ ቁጥር መምጣት አለበት።

በስቴትመንቱ በኩል ሦስት ነገር ሳይመታ ቀርቷል። የመጀመሪያው 28,250 ብር የገባ ክፍያ ነው። በ`FT` ከሚጀምር ቁጥር በቀር ላኪውን የሚናገር ነገር የለውም። እንዲህ ያለውን «ያልታወቀ ገቢ» የሚል ሂሳብ ውስጥ ወርውሮ ማለፍ ቀላል ነው። ባይደረግ ይሻላል የምለው ግን ለዚህ ነው፤ ከፋዩ ደንበኛ ዕዳው እንዳልተከፈለ ሆኖ ይቆያል፣ በኋላም የከፈለውን ደግሞ ትጠይቁታላችሁ። የተሻለው መንገድ ያልተከፈሉ ደረሰኞችን መፈተሽ ነው። የሚገጥም 28,250 ብር ደረሰኝ የለም። 28,750 ብር ግን አለ፦ ዕቃው 25,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ 3,750። ገዢው ድርጅት ከዕቃው ዋጋ ላይ በወቅቱ የነበረውን 2 በመቶ ቅድመ ግብር፣ 500 ብር፣ ቆርጦ ነው የላከው። ቁጥሩ ገጠመ። ለደንበኛው ደውሎ ማረጋገጥና የቅድመ ግብር ደረሰኙን መጠየቅ ይቀራል። ያ ደረሰኝ ግብር ሲከፈል የሚታሰብ ገንዘብ ነውና መጥፋት የለበትም።

ሁለተኛው 40,000 ብር የሚቀንስ ነው። አንድ ደንበኛ የሰጠው ቼክ ጥር 27 ባንክ ገብቶ ጥር 29 ስንቅ የለውም ተብሎ ተመልሷል። ካሽ ቡኩ ገቢ ብሎ እንደጻፈው ቆይቷል። መስተካከል ያለበት ገቢውን በመሰረዝ ብቻ አይደለም፤ የደንበኛው ዕዳ እንደገና መነሳት አለበት። የተመለሰው ቼክና የባንኩ ማስረጃም ይቀመጡ። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ በመሆኑ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዋናው ማስረጃ እነዚህ ናቸው። ሦስተኛው 345 ብር የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ወጪ ተብሎ ይመዘገባል።

ካሽ ቡኩ ላይ 28,250 ጨምረን 40,000ና 345 ስንቀንስ 332,150 ይመጣል። የምንፈልገው 333,050 ነበር። 900 ብር ቀረ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደክመው «ልዩ ልዩ» ብሎ ይዘጋዋል። ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች ይላል። ይህ ነው ትልቁ ስህተት። የ900 ብር ልዩነት የ90,900 ወጪና የ90,000 ገቢ ስህተት ተጣፍተው የተረፉት ሊሆን ይችላል። የቀረው ቁጥር መጠን የተሳሳተውን መጠን አይናገርም።

ደግነቱ ቁጥሩ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። 900 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። 9 ወይም 18 ቢሆን ኖሮ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች እንጠረጥር ነበር። 900 ሲሆን የሺና የመቶ ቤት ነው፤ አሃዞቹም በአንድ ብቻ ይለያያሉ። እንዲህ ያለ ክፍያ ሲፈለግ ካሽ ቡክ ላይ 5,400 ብር የተጻፈ ቼክ ተገኘ። ስቴትመንቱ 4,500 ይላል። የክፍያ ማዘዣው ወጥቶ ሲታይ ባንኩ ትክክል ነው፤ መዝገቡ ላይ አሃዞቹ ተገለባብጠዋል። 900 ብር ተመለሰ፣ 333,050 ሆነ፣ ሂሳቡ ታረቀ። ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ይገኛል ማለት አይደለም። ልዩነቱን ለሁለት አካፍሎ ያንን ቁጥር መፈለግም ይጠቅማል፤ ወጪ በገቢ በኩል ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ የቁጥሩ እጥፍ ነውና።

ከዚህ በኋላ መዝገብ የሚነካው የካሽ ቡኩን ቀሪ ላስተካከልንባቸው ብቻ ነው፦ ለገባው ክፍያ፣ ለተመለሰው ቼክ፣ ለአገልግሎት ክፍያውና ለተገለበጠው ቁጥር። ላልተመነዘሩት ቼኮችና ለየካቲት 1 ገቢ ምንም አይጻፍም። እነሱ አስቀድመው ተጽፈዋል፤ የቀረው ባንኩ እስኪደርስባቸው መጠበቅ ነው። ቼኩ ስቴትመንት ላይ የለም ብሎ ሌላ ማዘዣ የሚሠራ ጀማሪ አይጠፋም፤ ያኔ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይወጣል።

መጠበቅ ማለት ግን መርሳት አይደለም። ማስታረቂያ በአንድ ወር አያልቅም፤ ዋናው ፍተሻ በሚቀጥለው ወር ስቴትመንት ላይ ነው። የዓርቡ ሽያጭ 36,400 ብር የካቲት 1፣ በአንድ ቁጥር፣ ሳይጎድል መግባት አለበት። የገባው የካቲት 6 ከሆነ፣ ወይም በሁለት ተከፋፍሎ ከመጣ፣ መጠየቅ ይገባል። ገንዘብ ያዥ የትናንቱን ሽያጭ ለግሉ ወስዶ በነገው ሽያጭ የሚተካበት ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ቀን በሚቀጥለው ቀን ገንዘብ እየተሸፈነ ይሄዳል። በድምር ደረጃ ሁሉ ነገር ትክክል ይመስላል። የሚያጋልጠው ድምሩ ሳይሆን ቀኑ ነው፦ «በመንገድ ላይ» የሚባለው ገቢ በየወሩ ትንሽ እያደገና እየዘገየ ይመጣል። ስለዚህ ማስታረቂያውን የሚሠራው ሰው ገንዘብ የሚቀበለው ወይም ቼክ የሚፈርመው መሆን የለበትም። አራት ሠራተኛ ባለው ድርጅት ይህን መለየት ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ባለቤቱ ስቴትመንቱን ከባንኩ በቀጥታ ተቀብሎ መጀመሪያ ራሱ ይየው። በሌላ ሰው እጅ ያለፈ ስቴትመንት ተቆርጦ ወይም ተቀይሮ ሊደርሰው ይችላልና።

የሦስቱ ቼኮች ጉዳይም አንድ አይደለም። 60,000ውና 48,200ው በየካቲት ሳይመነዘሩ አይቀሩም። የነሐሴው 7,500 ግን ለብቻው መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ቼክ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ለክፍያ መቅረብ አለበት። ይህኛው የካቲት 19 ቀን ስድስት ወሩን ይሞላል። ከዚያ በፊት ለተቀባዩ መደወል ያስፈልጋል። ጠፍቶበት ይሆናል፤ ቼኩም ከቢሮው መሳቢያ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል። ጠፍቶ ከሆነ ባንኩ እንዳይከፍለው በደብዳቤ ይጠየቃል፣ ከዚያም ሌላ ቼክ ይጻፋል። የካቲት 19 ካለፈ ደግሞ 7,500ው ወደ ባንክ ሂሳብ ይመለሳል፤ በሌላ በኩል እንደ ዕዳ ይያዛል። ገቢ ተብሎ አይጻፍም። አቅራቢው ዕቃውን ሰጥቷል፣ ገንዘቡን ግን አልተቀበለም።