ትንሽ ቁስል፣ ትልቅ ስብራት

አጥንት ተሰብሮ ቆዳውም ተቀዶ ስብራቱ ወደ ውጭ ከተከፈተ ክፍት ስብራት ይባላል። ደረጃው በቁስሉ ርዝመት ብቻ የሚወሰን የሚመስለን ብዙ ነን። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የጉስቲሎ አመዳደብ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ንጹህ ቁስል ደረጃ 1 ነው። ከዚያ ከበለጠና ሥጋው ብዙም ካልተጎዳ ደረጃ 2 ይባላል። አጥንቱ ክፉኛ ከተፈረካከሰ ወይም ሥጋው ከተጨፈለቀ ግን ቀዳዳዋ ጠባብ ብትሆንም ደረጃ 3 ነው።

መኪና የገጨው ሰው ቅልጥሙ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ቁስል አለው እንበል። ድንገተኛ ክፍል ደረጃ 2 ተብሎ ሴፋዞሊን የተባለ አንቲባዮቲክ 2 ግራም በደም ሥር ወዲያው ተሰጠው። ኦፕራሲዮን ክፍል ቁስሉ ሲከፈት አጥንቱ ደቅቋል፣ የአጥንቱ ሽፋንም ተልጧል። ደረጃ 3 ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግራም ኔጋቲቭ የተባሉትን የባክቴሪያ ዓይነቶች የሚያጠቃ መድኃኒት ይጨመራል። ጄንታማይሲን ይሁን ሴፍትሪያክሶን፣ እሱ እንደየሆስፒታሉ መመሪያ ይለያያል።

ሰዓቱ ላይ ግን ድርድር የለም። የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ዶዝ ቢቻል በ1 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ደረጃው እስኪጣራ አይጠበቅም።