ዓይን አፋር ልጅን ሰላም ስንል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ትልቅ ሰው ሰላም ሲለው የማይመልስ ልጅ ስድ ነው፤ እስኪመልስ መለቀቅ የለበትም።»

ድሬዳዋ ላይ እንግዳ ሲገባ ልጅ ከኋላው እየተገፋ «ሂድ ሳም!» ይባላል። ዓይን አፋር ልጅ ዝም የሚለው ግን ንቆ አይደለም፤ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይታፈናል። ከተጫንነው በሌላ ቀን በር ሲንኳኳ ገና ጓዳ ይገባል። በስሙ ጠርቶ አጭር ሰላምታ መስጠት፣ አንገቱን ከነቀነቀ ያንኑ እንደ ሙሉ መልስ ተቀብሎ ወደ ሌሎቹ ዞር ማለት ይበቃል። እናቱ «እሱ እኮ ዓይን አፋር ነው» ማለት ስትጀምር ወሬ ማስቀየር ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

«ጥያቄ ሲበዛለት ይፍታታል።»

«ስንተኛ ክፍል ነህ? ስንተኛ ወጣህ? ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ይህ ፈተና ነው፤ የመጨረሻውን እኔም ገና አልመለስኩትም።

በቀደም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የጎረቤታችን የ10 ዓመት ልጅ ዛፍ ሥር ብስክሌቱን ገልብጦ ከሰንሰለቱ ጋር ሲታገል አገኘሁት። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎኑ ቁጢጥ አልኩና ብስክሌቱን እያየሁ «ሰንሰለቱ ሳይላላ አልቀረም» አልኩ። ዝም አለ። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሰባት ላይ ስደርስ ዝምታው ከበደኝ። ዘጠኝ ላይ «አልላላም፤ ጥርሱ ነው ያለቀው» አለና ቅባት በነካው ጣቱ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ የማወራው እኔ አልነበርኩም።

እንዲህ ያለ አስተያየት መልስ አያስገድድም። ወሬው እሱ ከእኔ በተሻለ ስለሚያውቀው ነገር ነበር፤ መሳሳቴም የማረም ዕድል ሰጠው። ብዙዎቻችን ግን ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳንታገስ ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምራለን፤ ልጁም ያዘጋጀውን መልስ ትቶ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ጥያቄ የግድ ካስፈለገ «ዛሬ ትጨርሰዋለህ ወይስ ነገ?» የሚለው ምርጫ ስላለው ይቀላል። ፊቱን ካዞረ ለዚያ ቀን በቃ።

«ታዳጊን ፊት ለፊት ቁጭ አድርጎ ማዋራት ነው።»

የ13 ዓመት ልጅ ምስር እየለቀመች ወይም አብራችሁ ገበያ ስትሄዱ የምትናገረውን ሳሎን ውስጥ ዓይን ለዓይን አትናገረውም። «አደግሽ! ወፈርሽ!» የሚለው ሰላምታችን ደግሞ ሰውነቷ በየወሩ በሚለወጥበት ዕድሜ አፍ የሚያዘጋ ነው።

«ዝምታ ሁሉ ዓይን አፋርነት ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል።»

እዚህ ከተማ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚነገር ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም ቢል ቃል እየፈለገ ሊሆን ይችላል። በራሱ ቋንቋ አንድ ሰላምታ ሞክሩለት፤ አነጋገራችሁ ላይ ቢስቅም ተናግሯል ማለት ነው። ቤት ውስጥ እንደልቡ እያወራ፣ ቋንቋውን እያወቀ፣ ትምህርት ቤት ግን ከመጀመሪያው ወር በኋላም ጭራሽ የማይናገር ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱን የልጆች ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊያየው ይገባል።