ዕቃን በፓሌት ከመጋዘን ማንሳት፦ ቀጠሮ፣ የመጫኛ መሣሪያና ወረቀት

አዲስ አበባ ውስጥ ከቃሊቲና ከአቃቂ መጋዘኖች በፓሌት የተደረደረ ዕቃ የሚያነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነጋገረው ከሁለት ወገን ጋር ነው። ሽያጭ ክፍሉ ገንዘቡን ተቀብሎ የማውጫ ትዕዛዝ ይጽፋል። ዕቃውን የሚያስረክበው ደግሞ ንብረት ክፍሉ ወይም የመጋዘን ኃላፊው ነው። የጭነቱ ቀጠሮ መያዝ ያለበት ከሁለተኛው ጋር ነው። የሽያጭ ሠራተኛ «ነገ መጥታችሁ መጫን ትችላላችሁ» ቢልም ትዕዛዙ መጋዘን መድረሱን ወይም ፎርክሊፍቱ በዚያ ሰዓት ለሌላ መኪና መያዙን ላያውቅ ይችላል።

ሂደቱን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕቃው ስድስት ፓሌት ሴራሚክ ነው። እያንዳንዱ ፓሌት 30 ኪሎ የሚመዝኑ 40 ካርቶኖች ይዟል፤ ስለዚህ አንዱ ፓሌት 12 ኩንታል፣ ጠቅላላው 72 ኩንታል ይሆናል። የፓሌቱ ወለል 120 በ100 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ካሶኒው 2 ሜትር ወርድና 4 ሜትር ርዝመት ባለው አይሱዙ ላይ ሁለት ሁለት እየተደረጉ ስድስቱም ይገባሉ። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቦታው ቢበቃም መኪናው የ50 ኩንታል ከሆነ ጭነቱ በ22 ኩንታል ይበልጣል። እንዲህ ላለው ከባድ ዕቃ መኪና የሚመረጠው በክብደቱ ነው፤ ወይ ትልቅ መኪና ይያዛል፣ ወይ በሁለት ዙር ይጫናል። ስለዚህ ለመጋዘን ኃላፊው ሲደወል የመጀመሪያው ጥያቄ የአንዱ ፓሌት ክብደት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጫኛው ነገር ነው። ፎርክሊፍት ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የሚያነሳውን ክብደት ይናገራል። አነስተኞቹ ላይ ግን ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የጭነቱ መሃል ከሹካው መነሻ 50 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ነው። ሹካው በፓሌቱ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት በኩል ወደ ውስጥ ከገባ መሃሉ 60 ላይ ይውላል፤ የማንሳት አቅሙም ይቀንሳል። ባለ 25 ኩንታሉ ፎርክሊፍት 12 ኩንታል ማንሳት አያቅተውም፤ ባለ 15 ኩንታል ከሆነ ግን ሰሌዳውን ማንበብ ያስፈልጋል።

የመኪናው ዓይነትም መነገር አለበት። ስፖንዳው፣ ማለትም የካሶኒው የጎን ግድግዳ፣ የሚወርድ ከሆነ ፎርክሊፍቱ በጎን በኩል ፓሌቱን በየቦታው ያስቀምጣል። መኪናው ዝግ ቦክስ ሆኖ መጋዘኑ የመኪናውን ወለል የሚያህል መጫኛ መድረክ ከሌለው ግን ፎርክሊፍቱ ፓሌቱን ጫፉ ላይ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ከዚያ ወዲያ በእጅ የሚገፋ የፓሌት ጋሪ ካሶኒው ውስጥ ከሌለ ካርቶኖቹ በጫኝና አውራጅ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ከሥራው ጊዜ ሌላ የመሰባበር አደጋም አለ። ማራገፊያው ላይ ምን መሣሪያ እንዳለም አብሮ ይጠየቃል፤ በፎርክሊፍት የተጫነ ዕቃ ያለ ፎርክሊፍት ማውረድ ከባድ ነውና።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ፎርክሊፍት ካለ ስድስት ፓሌት መጫን ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ጊዜውን የሚበላው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ «ጠዋት» ብሎ ከመተው «ከ3 እስከ 4 ሰዓት» ማለት ይሻላል። ቀጠሮው በኢሜይል ከሆነ 9:00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን ከቀኑ 9 ሰዓት በግልጽ ይጻፍ። የምሳ ሰዓትና በተለይ የዓርብ ረዘም ያለ ዕረፍት፣ እንዲሁም ከተማው ለጭነት መኪናዎች የሚያወጣው የሰዓት ገደብ መታሰብ አለበት። የተለመደው መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ፓሌት ሴራሚክ፣ ጠቅላላ 72 ኩንታል፣ ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ልናነሳ ነው። መኪናው ስፖንዳው የሚወርድ ነው። ታርጋውንና የሾፌሩን ስም ከታች ጽፌልዎታለሁ። የማውጫ ትዕዛዙ ደርሶዎት እንደሆነና ፎርክሊፍቱ በዚያ ሰዓት መኖሩን ቢያረጋግጡልኝ።»

ታርጋ የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ተረካቢው ማህተም ያለበት የውክልና ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ደብዳቤው የሾፌሩን ስም፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩንና ታርጋውን ይጠቅሳል። መኪናውን ያገናኘው ደላላ በመጨረሻ ሰዓት ሌላ መኪና ከላከ ወረቀቱና መኪናው አይገጥሙም፤ የመጋዘን ኃላፊውም ሳያስረክብ ቢመልሳቸው ልክ ነው። መኪናው ከተቀየረ ደብዳቤው መጋዘን ከመድረሱ በፊት ይታደሳል።

ወረቀቱ ከተመሳከረ በኋላ የንብረት ወጪ ማድረጊያ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህ ሞዴል 22 ነው። ከመፈረም በፊት ዙሪያውን መመልከት ያስፈልጋል። ፕላስቲኩ የተቀደደ፣ ጥጉ የተመታ ወይም ያዘመመ ፓሌት ካለ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል። «6 ፓሌት» እና «240 ካርቶን» የሚሉት እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛውን የፈረመ ካርቶኖቹን ቆጥሬ ተረክቤያለሁ ማለቱ ነው። ፓሌቱ ሳይፈታ ከተረከበ «ታሽጎ የተረከብኩት» የሚል ቃል መጨመር ኋላ ላይ ጉድለት ቢገኝ ክርክሩን ያቀላል። የእንጨት ፓሌቱ ተመላሽ ከሆነም ብዛቱ እዚያው ይመዘገባል።

በመጨረሻ ጥበቃው የመውጫ ፈቃዱን ከጭነቱ ጋር ያመሳክራል። ሸራው መታሰር ያለበት ከዚህ ቆጠራ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የታሰረ ሸራ በር ላይ ይፈታል። የሽያጭ ደረሰኙ ቅጂ ግን ከሾፌሩ ጋር ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ኬላ ሲደርስ የሚጠየቀው እሱ ነው።