የዓመት የባቡር ቲኬት ብድር ምንድን ነው? ለአሠሪ የሚጻፈው ደብዳቤስ ምን ይላል?

እንግሊዝ አገር ለንደን ሠርተው ሬዲንግ፣ ሉተን ወይም ሚልተን ኪንስ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ወጣ ብሎ መኖር የቤት ኪራዩን ቀለል ያደርጋል። የተረፈውን ግን ባቡሩ ይወስደዋል። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው እንደ ቱሪስት የዕለት ቲኬት እየቆረጠ አይዘልቀውም፤ ሲዝን ቲኬት ይገዛል። ይህ በሁለት ጣቢያዎች መካከል የፈለጉትን ያህል የሚያመላልስ ቲኬት ነው። የሳምንት፣ የወር ወይም የዓመት ሆኖ ይሸጣል።

ዋጋው የሚወጣው ከሳምንቱ ቲኬት ነው። የወሩ ዋጋ የሳምንቱ 3.84 እጥፍ ነው። የዓመቱ ደግሞ 40 እጥፍ ነው። ዓመት 52 ሳምንት ስለሆነ 12ቱ ሳምንት ገደማ በነጻ ነው ማለት ይቻላል። ለስሌት እንዲመቸን የሳምንቱ ቲኬት 100 ፓውንድ ነው እንበል። የወሩ 384፣ የዓመቱ 4,000 ፓውንድ ይሆናል። ወር በወር እየገዛ ዓመቱን የሚጨርስ ሰው 4,608 ፓውንድ ይከፍላል። ልዩነቱ 608 ፓውንድ ነው።

ችግሩ 4,000 ፓውንድ ባንድ ጊዜ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ገንዘቡ ያለው ሰው ርካሹን ይገዛል፤ የሌለው ውዱን ይከፍላል። የሲዝን ቲኬት ብድር የመጣው ለዚህ ነው። አሠሪው የዓመቱን ዋጋ ያለ ወለድ ያበድራል፣ ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ ይመልሳል። ስጦታ አይደለም፣ የደመወዝ ጭማሪም አይደለም። አሠሪው እንዲያበድር የሚያስገድደው ሕግም የለም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን መመሪያ አላቸው፤ አንዳንዶቹ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ብቻ ይሰጣሉ። መመሪያ የሌለው መሥሪያ ቤትም ቢሆን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደብዳቤው አጭር ነው። በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ለሰው ኃይል ክፍል። ከመኖሪያዬ ጣቢያ ወደ ለንደን የምመላለስበትን የዓመት የባቡር ቲኬት ለመግዛት ከወለድ ነጻ የሆነ 4,000 ፓውንድ ብድር እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ቲኬቱ ከጁን 1 ጀምሮ ያገለግላል። ብድሩን ከጁን ደመወዜ ጀምሮ በ10 ወር፣ በየወሩ 400 ፓውንድ እየተቆረጠ እመልሳለሁ። ይህ ገንዘብ ከደመወዜ እንዲቀነስ በፊርማዬ ፈቅጃለሁ። ሥራ ከለቀቅሁ ቀሪው ዕዳ ከመጨረሻ ደመወዜ ይቀነስ፤ ካልበቃም ቀሪውን እከፍላለሁ። ቲኬቱን እንደገዛሁ የደረሰኙን ቅጂ አቀርባለሁ።»

እዚህ ላይ ለጌጥ የገባ ዓረፍተ ነገር የለም። በተለይ «በፊርማዬ ፈቅጃለሁ» የምትለው ዋና ናት። በ1996ቱ የቅጥር መብቶች ሕግ መሠረት አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለመቁረጥ ሠራተኛው አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት አለበት። ሒሳብ ክፍሉ ያለዚያች መስመር ደብዳቤውን ይመልሰዋል፣ ወይም የራሱን ቅጽ ያስሞላል። ለምን ቲኬት እንደፈለጉ፣ ኑሮ እንዴት እንደከበደ ማብራራት ግን አያስፈልግም። እኛ ማመልከቻ ስንጽፍ መግቢያውን እናስረዝማለን፤ እዚያ የሚፈለገው መስመሩ፣ ዋጋው፣ ቀኑና የወሩ ተቆራጭ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ሳያየው ወደሚያልፈው ነገር እንምጣ፤ የወሩ ብዛት። ብዙ አሠሪዎች ወይ በ10 ወይ በ12 ወር ያስመልሳሉ። ምርጫ ካለ 12ቱ ያጓጓል፣ ምክንያቱም ተቆራጩ ከ400 ወደ 333 ፓውንድ ይወርዳል። ግን ሰውየው ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሥራ አገኘ እንበል። ቲኬቱን መልሶ ገንዘብ መቀበል ይችላል። ባቡር ድርጅቱ ግን ከ4,000 ግማሹን አይመልስለትም። የተጠቀመባቸውን ስድስት ወራት በወር ቲኬት ዋጋ ያስባቸዋል፤ ስድስት ጊዜ 384፣ 2,304 ፓውንድ። ስለዚህ የሚመለስለት 1,696 ነው፣ ከዚያም ላይ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል።

በ12 ወር የሚከፍል ከሆነ በስድስተኛው ወር ያለበት ዕዳ 2,000 ፓውንድ ነው። ቲኬቱን መልሶም 304 ፓውንድ ከኪሱ ይጨምራል። በ10 ወር የሚከፍል ከሆነ ግን ዕዳው 1,600 ነው፤ የሚመለስለት ገንዘብ ይሸፍነዋል። ምስጢሩ ቀላል ነው። የወሩ ተቆራጭ 400 ከወሩ ቲኬት ዋጋ ከ384 ስለሚበልጥ፣ ዕዳው ከቲኬቱ ዋጋ ቀድሞ ይወርዳል። በ12 ወሩ ግን ቲኬቱ በየወሩ ዕዳውን 50 ፓውንድ ያህል ይቀድመዋል። አሥረኛው ወር ላይ ከቲኬቱ የሚመለሰው 160 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ዕዳው ግን ገና 667 ነው። ከአሥር ወር ተኩል ገደማ በኋላማ ቲኬቱ ቢመለስ ምንም አያወጣም። ሥራ መቀየር ላሰበ ሰው እኔ 10ሩን ነው የምመክረው፤ ወገብ ቢያስጎነብስም።

ግብሩ ደግሞ ከሚፈራው በታች ነው። ከአሠሪ የወሰዱት ወለድ አልባ ብድር ሁሉ ተደምሮ በግብር ዓመቱ ውስጥ ከ10,000 ፓውንድ እስካላለፈ ድረስ ግብር የለበትም። ጣሪያው በ2014 ከ5,000 ወደ 10,000 ከፍ ብሏል። ልብ ይበሉ፣ «ሁሉ ተደምሮ» ነው፤ ለቤት ዕቃ የተወሰደ ሌላ ብድር ካለ አብሮ ይቆጠራል። አሠሪው ደግነት አድርጎ ቀሪውን ዕዳ ቢሰርዝ ግን የተሰረዘው እንደ ደመወዝ ይታያል፣ ግብርም ይከፈልበታል።

ይህን ብድር፣ አሠሪ ለሠራተኛው ብስክሌት ከሚያስገዛበት ዘዴ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። በብስክሌቱ ገንዘቡ የሚቆረጠው ከግብር በፊት ስለሆነ ግብር ይቀንሳል። በባቡሩ ብድር የሚቆረጠው ግብር ከተከፈለበት፣ እጅ ከሚገባው ደመወዝ ነው። ጥቅሙ ከወለዱ መቅረትና ከዓመቱ ዋጋ መርከስ የሚመጣ ነው፤ ከሌላ አይደለም።

እናም ደብዳቤው የማያስፈልገው ሰው አለ። ሥራውን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ ሆኖ፣ ሌላውን ከቤት የሚሠራ ሰው የዓመት ቲኬት ገንዘቡን ሊያባክንበት ይችላል። ለእሱ በ2021 የመጣ ፍሌክሲ ሲዝን የሚባል ቲኬት አለ፤ በ28 ቀን ውስጥ የፈለጉትን 8 ቀን ያስጉዛል። ከመጻፉ በፊት ሁለቱን በባቡር ድርጅቶቹ የዋጋ ማስሊያ ማወዳደር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደብዳቤውን ማስገባት ደሞዝ ከሚዘጋበት ቀን በፊት ነው። ሒሳብ ክፍል የወሩን ሥራ ከዘጋ በኋላ የደረሰ ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር ያድራል፤ ያን ወር ሙሉ 384 ፓውንዱን መክፈል ነው። ሥራ ሲለቁም ቲኬቱን ኪስ ውስጥ ይዘው አይዙሩ። ተመላሹ የሚሰላው ሥራ ካቆሙበት ቀን ሳይሆን ቲኬቱን ካስረከቡበት ቀን ነው።